ገንዘቡ አለ፣ ባለቤቷም አለች፣ ወረቀቱ ግን የለም!

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርሱ፣ «ስማኝ ልጄ! ልጅቷ ባንክ ውስጥ አሥራ አንድ ሺህ ምናምን ዩሮ እያላት ዳቦ መግዣ አጣች ይሉኛል። ይኼ ነገር እውነት ነው ወይስ ገንዘቡን በልታው ነው?» አሉኝ።

አልበላችውም። ጉዳዩን ተከታትዬ አይቼዋለሁ፤ ልጅቷ አንድ ዩሮ አላጎደለችም። ማጉደልም አትችልም ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ልጅህን ወይም እህትህን ጀርመን ለትምህርት ለመላክ ደፋ ቀና የምትል ከሆነ ይህን ነገር ረጋ ብለህ አንብበው፤ ኋላ «ማን ነግሮኝ?» እንዳትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ራሱን በገንዘብ የሚችል መሆኑን ለኤምባሲው ማሳየት አለበት። ከሚያሳይባቸው መንገዶች አንዱ «ሽፔርኮንቶ» የሚሉት ዝግ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ የተቀመጠው ልክ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ ቪዛ ከመሰጠቱ በፊት ይገባና ይቆለፍበታል። ተማሪው ጀርመን ሲደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቀቅለታል። የሚለቀቅለት ግን በእጁ አይደለም፤ በራሱ ስም ወደተከፈተ ተራ የባንክ ሒሳብ ነው። እኒህ አባት ይህን ገንዘብ ለማሟላት ቡራዩ ያለችውን ቦታቸውን ሸጠዋል፤ ዋሽንግተን ያለችው አክስትም የድርሻዋን ጨምራለች። እንግዲህ ቤተሰብ ተሟጦ የተጠራቀመው ገንዘብ በርሊን ደርሶ ባንዱ ባንክ ካዝና ተኝቷል፤ ሌላ ባንክ ደግሞ በሩን ካልከፈተለት ንቅንቅ አይልም።

ሌላው ባንክስ ለምን አይከፍትም? ልጅቷ ፓስፖርት አላት፣ ቪዛ አላት፣ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለበት ደብዳቤ አላት። የላትም የተባለው አንድ ወረቀት ነው፤ እሱም በከተማው ነዋሪነት መመዝገቧን የሚያሳየው ማስረጃ። ጀርመኖች ምዝገባውን «አንሜልዱንግ» ይሉታል። የእኛን የቀበሌ መታወቂያና መሸኛ አስቡት፤ ከዚያ ብዙም አይርቅም። መሸኛ ሳይዝ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የተንከራተተ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

በሕጉ መሠረት ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ለመመዝገብ ደግሞ ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ በርሊን ውስጥ ቀጠሮ ማግኘት እንዴት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ልጅቷ መስከረም መጨረሻ ገብታ ያገኘችው ቀጠሮ ለኅዳር አጋማሽ ነው። «ዘመኑ የኮምፒውተር ነው፤ ቤቷ ሆና አትመዘገብም?» የሚል ካለ፣ የኢንተርኔት ምዝገባው እ.ኤ.አ. በ2024 በርሊን ውስጥ ተጀምሯል፤ የተሠራው ግን በኤሌክትሮኒክ መታወቂያው ከአንድ የጀርመን አድራሻ ወደ ሌላው ለሚዛወር ሰው ነው። ከውጭ ለመጣ አዲስ እንግዳ አያገለግልም። በጣም የሚያስፈልገው ሰው የማይጠቀምበት አገልግሎት ማለት ይህ ነው።

ቀጠሮው ቢገኝም ሌላ ጣጣ አለ። ቤቱን የሰጣት ሰው «አዎን፣ እኔ ዘንድ ገብታለች» ብሎ የሚፈርምበት የአከራይ ማረጋገጫ ማምጣት አለባት። ልጅቷ የምትኖረው በደባልነት ነው፤ ቤቱን ከባለቤቱ የተከራየች አንዲት ሴት አንዱን ክፍል አከራይታታለች። ይህቺ ሴት ለባለቤቱ ሳታስፈቅድ ነው መሰል፣ ፊርማ ሲባል ፊቷ ይለዋወጣል። «ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ወረቀት አያስፈልግሽም» ትላታለች። ልጅቷ ሌላ ቤት ስትፈልግ ደግሞ አዲሱ አከራይ ኪራዩ በባንክ እንዲላክለት ይፈልጋል፤ የባንክ ሒሳብሽን ቁጥር አምጪ ይላታል። ቁጥሩን ለማግኘት ምዝገባ፣ ለምዝገባ ቤት፣ ለቤት የባንክ ሒሳብ። እንግዲህ ከየት ይጀመር?

ሰኞ ጠዋት አብረን ባንክ ሄድን። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ከተማው ውስጥ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ባንክ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ፓስፖርቷን አገላብጦ አየና፣ «የምዝገባ ወረቀቱስ?» አለ። የለም። «እንግዲያው ስትመዘገቢ ነይ።» ቀጠሮዋ ለኅዳር መሆኑን ነገርነው። «አዝናለሁ» አለ። ያዘነም ይመስለኛል። ሁሉም ነገር አራት ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ከወጣን በኋላ፣ «ጋሼ፣ በስልክም ሞክሬ ነበር እኮ፤ በቪዲዮ ያየኝ ሰው ይኼን ፓስፖርት አንቀበልም ብሎ ዘጋብኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከአራት ዓመት በፊት ወደዚህ ከተማ ስመጣ እንዲህ ያለ መልስ ተሰጥቶኝ አንገቴን ደፍቼ ወጥቻለሁ። ለጽሑፍ የሚከፈለኝን ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ወዳጄ ሒሳብ አስገባሁ። ያ ሥራዬ ሞኝነት መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በሰው ስም የገባ ገንዘብ የሰው ነው፤ ወዳጄ ቢሞት፣ ቢጣላኝ ወይም ዕዳ ቢኖርበትና ሒሳቡ ቢታገድ፣ «ከዚህ ውስጥ ግማሹ የኔ ነው» ብዬ የማሳየው ምንም የለኝም ነበር። እሱም ቢሆን ባንኩ «ይኼ የማን ገንዘብ ነው የሚመላለሰው?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ አያምርም። ዛሬም ወገኖቻችን ይህን ሲያደርጉ አያለሁ። ተው! ደግነት ይመስላል እንጂ ለሁለቱም አደጋ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የባንኩ ሠራተኛ ዋሽቶናል? አልዋሸም። ስህተቱ የኛም ጭምር ነበር፤ የጠየቅነው የተሳሳተውን ነገር ነው። እኛ ያልነው «የባንክ ሒሳብ እንክፈት» ነው። ተራ ሒሳብ፣ እነሱ «ጊሮኮንቶ» የሚሉት፣ በባንኩና በደንበኛው መካከል የሚደረግ ውል ነው። ባንኩ ከፈለገ ይዋዋላል፣ ካልፈለገ አይዋዋልም፤ የፈለገውን ወረቀት ይጠይቃል። ግን ሌላ ዓይነት ሒሳብ አለ። ስሙ «ባዚስኮንቶ» ነው፤ መሠረታዊ ሒሳብ እንበለው። ይህኛው የባንኩ ፈቃድ ሳይሆን የሰውየው መብት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ማንኛውም ሰው መሠረታዊ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት እንዲኖረው ወሰነ። ጀርመን ይህን በራሷ ሕግ አስገብታ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው። ሕጉ እነማንን እንደሚመለከት ሲዘረዝር ቋሚ መኖሪያ የሌላቸውን ሰዎችና ጥገኝነት ጠያቂዎችን በግልጽ ጨምሯል። የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖራቸውም ከአገር ሊባረሩ የማይችሉትን ሳይቀር አልተዋቸውም። ታዲያ ድልድይ ሥር የሚያድር ሰው መብት ካለው፣ ቪዛና የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የያዘች ልጅ እንዴት አይኖራት?

«ባንኩ እኮ የሚፈራው የቆሸሸ ገንዘብ መቆጣጠሪያውን ሕግ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ባንኩ ደንበኛው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር የመለየት ግዴታ አለበት። ካልለየ ይቀጣል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሚቀጣ እኛን ቢመልስ ይመርጣል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እንጃ። ግን ያው የሚፈራው ሕግ ራሱ በር ትቷል። ቋሚ መኖሪያ የሌለውና በሕጋዊ መንገድ ያለ ሰው መሠረታዊ ሒሳብ ሲከፍት፣ በመኖሪያ አድራሻ ፋንታ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ ይበቃል ይላል። የወዳጅም ይሁን የዘመድ ወይም የምክር ቢሮ፣ ፖስታ ተቀብሎ የሚያደርስለት ካለ ይበቃል። የነዋሪነት ምዝገባ ወረቀት ያላመጣ አይከፈትለት የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ተመልሰን ሄድን። ያንኑ ባንክ፣ ያንኑ ወንበር። አሁን ግን ልጅቷ ቅጽ ይዛለች። የመሠረታዊ ሒሳብ ማመልከቻ ቅጽ በሕግ የተወሰነ መልክ ያለው ነው፤ ባንኮች በነፃ እንዲያቀርቡት ታዘዋል፣ የባንኮች ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ባፊን»ም በድረ ገጹ አውጥቶታል። ቤት ቁጭ ብለን ሞላነው። ስም፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ዜግነት። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ የእኔን አድራሻ በ«እገሌ ዘንድ» አስገባን፤ ደብዳቤ የሚደርሳት እዚያ መሆኑን ጻፍን። ከዚያ «ጀርመን ውስጥ ሌላ የክፍያ ሒሳብ አለዎት?» የሚል ጥያቄ አለ። ልጅቷ እዚህ ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ዝግ ሒሳቡስ? አለኝ ልበል እንዴ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይህን ያላሰበበት ሰው ይወድቅበታል። ባንኩ መሠረታዊ ሒሳብ ሊከለክል ከሚችልባቸው ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ሰውየው በጀርመን ሌላ የሚሠራበት ሒሳብ ካለው ነው። ግን ሕጉ የሚለው የዕለት ክፍያ ሊያካሂድበት የሚችለውን ሒሳብ ነው፤ ገንዘብ የሚያስገባበት፣ የሚያወጣበት፣ ኪራይ የሚልክበት። ዝግ ሒሳቡ ከዚህ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ «የለኝም» አለች፤ ከሥሩ ደግሞ እንዳይደበቅ ዝግ ሒሳብ መኖሩንና ክፍያ የማያካሂድ መሆኑን በአንድ መስመር ጻፈች። መደበቅ አያስፈልግም፤ የተደበቀ ነገር ሲገኝ ነው ጣጣው።

ሠራተኛው ቅጹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የቁጣ አይደለም፤ የምታውቀውን ሰው ባላሰብከው ቦታ ስታገኘው እንደሚሆነው ያለ ነው። «አሃ፣ ባዚስኮንቶ ነው የፈለጋችሁት!» አለ። ያውቀዋል ማለት ነው! ሰኞ ዕለት ግን አልነገረንም። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ተመለሰና፣ «ትተውት ሂዱ፤ እናየዋለን» አለ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። «እናየዋለን» ቀን የለውም፤ እኛ አገርም ብዙ ሰምተነዋል። በሕጉ መሠረት ባንኩ ማመልከቻው መድረሱን ከቅጂው ጋር በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ልጅቷ በተሰባበረ ጀርመንኛ «ቅጂና ማረጋገጫ እፈልጋለሁ» አለች። ሰጣት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ለእሷ መቁጠር ጀመረ።

ሰዓቱ አሥር የሥራ ቀን ነው። ባንኩ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሒሳቡን ለመክፈት ውል ማቅረብ አለበት፤ ካልፈለገም በዚያው ጊዜ ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ እምቢ ማለት አለበት፤ የት አቤት እንደሚባልም እዚያው መጻፍ ግዴታው ነው። አቤቱታው የሚቀርበው ለባፊን ነው፤ እሱም ባንኩ ሒሳቡን እንዲከፍት ሊያዝ ይችላል። በቃል «አይሆንም» የተባለ ሰው ግን ባፊን ፊት ይዞ የሚቀርበው ነገር ያጥረዋል። ሰኞ ዕለት በአራት ደቂቃ ያሰናበተን ትሕትና ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ባንኩን አንዲት ወረቀት እንኳ አላስወጣውም!

በስምንተኛው የሥራ ቀን ደብዳቤ መጣ፤ ሒሳቡ ይከፈታል። እልል ልንል ነው። ግን ቆዩ። ካርዱ በአንድ ፖስታ፣ የሚስጥር ቁጥሩ በሌላ ፖስታ፣ በተለያየ ቀን ነው የሚላከው። ጀርመን ውስጥ ፖስታ አመላላሹ የቤት ቁጥር ብቻ አይቶ አይጥልም፤ በፖስታ ሣጥኑ ላይ ስም ይፈልጋል። ስሙ ከሌለ ወደ ላኪው ይመልሰዋል። ስሟን እኔ ሣጥን ላይ የለጠፍኩት ቅጹን ባስገባን ዕለት ነው፤ ያውም በነጭ ፕላስተር ላይ በእስክሪብቶ። ባልለጥፍ ኖሮ የሚስጥር ቁጥሩ ተመልሶ ይሄዳል፣ ባንኩም «ይህ አድራሻ እውነት ነው?» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ብዙ ሰው ሒሳቡ ከተከፈተለት በኋላ የሚቸገረው በዚህ በትንሹ ነገር ነው። ሁለተኛው ፖስታ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ መጠበቅ አይደለም፤ ሄዶ መጠየቅ ነው።

መሠረታዊ ሒሳብ ገነት አይደለም። ከባዶ በታች ብድር አይሰጥም፤ ያለህን ብቻ ነው የምታወጣው። ለተማሪ ይህ ጉዳት ይሁን ጥቅም ራሱ ያስብበት። ክፍያው ደግሞ ከተራ የተማሪ ሒሳብ ይበልጣል። ሕጉ ክፍያው ተገቢ ይሁን ቢልም ባንኮች ሲለጥጡት ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀርመን ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት፣ አንድ ባንክ ለመሠረታዊ ሒሳብ በወር 8.99 ዩሮ ማስከፈሉን ሕገ ወጥ ብሎታል። ምዝገባው ካለቀ በኋላ ወደ ርካሹ መዛወር ይቻላል። ዋናው ግን የመጀመሪያው 992 ዩሮ መለቀቁ ነው። አባትየው በስልክ፣ «አሁንስ በላች?» ሲሉኝ፣ «በላች አባባ» አልኳቸው።

በዚህ መሐል ሌላ ነገር ሰማሁ። አንድ ያገራችን ሰው ለልጅቷ «ገንዘብ ከሰጠሽኝ የምዝገባ ወረቀት አስፈርምልሻለሁ» ብሏት ኖሯል። የማትኖሪበትን ቤት እንደምትኖሪበት አስመስሎ ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ሰው ሳይኖርበት አድራሻውን ለምዝገባ የሚሰጥ እስከ 50,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በአንጻሩ፣ በእውነት የምትኖርባት ሴት ማረጋገጫውን መፈረም ግዴታዋ ነው፤ ቤቱን ራሷ ተከራይታ መሆኑ አያድናትም፤ ካልፈረመች እስከ 1,000 ዩሮ ሊያስቀጣት ይችላል። እምቢ ስትላትም ልጅቷ ይህንኑ ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለባት። እንግዲህ እውነተኛውን ፊርማ የከለከለችን ፈርተን፣ ሐሰተኛውን ፊርማ የሚሸጠውን እናመሰግናለን ማለት ነው! የኛ ማኅበራት በየበዓሉ ክትፎና ሙዚቃ ሲያዘጋጁ አያለሁ፤ ጥሩ ነው። ያቺን ቅጽ አባዝቶ ለአዲስ መጪ የሚያድል ግን እስካሁን አላየሁም።

የጀርመን መንግሥትም ቢሆን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በሁለት ሳምንት ተመዝገቡ ብሎ ያዛል፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ግን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ተማሪው ገንዘቡን እንዲቆልፍ ያስገድዳል፤ ቁልፉ የሚከፈትበትን ሒሳብ ግን ለባንክ ሠራተኛ ፈቃድ ይተወዋል። ዝግ ሒሳቡን ሲያስከፍት መሠረታዊ የሚባል ሒሳብ መኖሩን በአንድ አንቀጽ ቢጽፍበት ምን ይጎድልበት ነበር? ባንኮቹም ስለዚህ ሒሳብ ለሕዝብ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። መረጃው አለ፤ የት እንዳለ የሚያውቀው ግን አስቀድሞ ስሙን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ልጅቷ ካርዷን ከተቀበለች በኋላ ለባንኩ አንድ ደብዳቤ ጻፍን። ሰኞ ዕለት ስንመጣ ይህ ሒሳብ መኖሩ ለምን እንዳልተነገረን ጠየቅን፤ መልሱን በጽሑፍ ነው የፈለግነው። ይኸው ደብዳቤው ከተላከ ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ፤ መልስ የለም። ስሟ አሁንም ከፖስታ ሣጥኔ ላይ አልተነሣም።